የሱቅን የወር ትርፍና ኪሳራ ከእጅ ማስታወሻ ማውጣት

ወር አልቆ መሳቢያው ሲከፈት የሚገኘው ገንዘብ የወሩን ትርፍ አይናገርም። የሦስት ወር ኪራይ አንድ ላይ የከፈለ ሱቅ አትርፎም ገንዘቡ ሊያንስ ይችላል። ለጅምላ ሻጭ የሚከፍለውን ዕዳ ወደሚቀጥለው ወር ያሳለፈ ሱቅ ደግሞ ከስሮም መሳቢያው ሊሞላ ይችላል። ትርፉ የሚታወቀው በወሩ የተሸጠው ዕቃ ስንት እንዳስገኘ፣ ያው ዕቃ ሲገዛ ስንት እንደፈጀና ሱቁን ለማንቀሳቀስ ምን እንደወጣ ሲተያይ ብቻ ነው። ይህን ለማድረግ ኮምፒውተር አያስፈልግም። የሽያጭ ደብተር፣ የግዢ ወረቀቶች፣ የዱቤ ደብተር፣ ሚዛንና የስልክ ካልኩሌተር ይበቃሉ።

እዚህ የምንሠራው ለምሳሌ ያህል ሐይቅ ከተማ ላይ ያለች አንዲት ትንሽ ሱቅ ይዘን ነው። ሱቋ ስኳር፣ ዘይት፣ ሳሙና፣ ፓስታ፣ ብስኩትና ለስላሳ ትሸጣለች፤ ዕቃውን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ካለችው ደሴ ታመጣለች። የምናሰላው የጥር ወርን ነው። ዋጋዎቹ አሠራሩን ለማሳየት የተቀመጡ ስለሆኑ በራስዎ ቁጥር ይተኳቸው።

በኢትዮጵያ አቆጣጠር ወር ሁሉ 30 ቀን መሆኑ ለዚህ ሥራ ይመቻል፤ አንዱን ወር ከሌላው ያለ ማስተካከያ ማወዳደር ይቻላል። ጳጉሜን ግን ለብቻዋ ወር አድርገው አይያዙ። ከነሐሴ ጋር ደርበው ያስሉና የነሐሴ ሒሳብ 35 ወይም 36 ቀን መሆኑን ከላይ ይጻፉበት።

ወረቀቱን መለየት

አብዛኛው ስህተት የሚገባው ከመደመር በፊት ነው። አንድ ማስታወሻ ላይ «ለዘይት 9,000» ተብሎ ቢገኝ ዛሬ የተገዛ ዘይት ሊሆን ይችላል፤ ባለፈው ወር በዱቤ ለመጣ ዘይት የተከፈለ ዕዳም ሊሆን ይችላል። ሁለቱ በሒሳብ ፈጽሞ አይገናኙም። የመጀመሪያው የጥር ግዢ ነው፤ ሁለተኛው ግዢው በታኅሣሥ ስለተመዘገበ በጥር ዕዳ መክፈል ብቻ ነው። ሁለቴ ከተቆጠረ ትርፍዎ በ9,000 ብር ያነሰ ይመስላል።

ስለዚህ ወረቀቱን ሁሉ ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው በአምስት ክምር ይለዩት፦ የሽያጭ፣ የዕቃ ግዢ፣ የሱቅ ወጪ፣ የዱቤና የዕዳ ክፍያ፣ ለቤት የተወሰደ። አንድ ወረቀት ሁለት ነገር ከያዘ፣ ለምሳሌ «ሳሙና 2 ካርቶን፣ ባጃጅ 150» የሚል ከሆነ፣ ባጃጁን በሌላ ቁራጭ ገልብጠው ከዋናው ላይ ይሰርዙት። ደረሰኝና የራስዎ ማስታወሻ ስለ አንድ ግዢ ከሆኑ አንድ ላይ ስፒል ያድርጓቸው፤ ከተለያዩ ሁለት ግዢ ሆነው መደመራቸው አይቀርም። ቀን የሌለው ወረቀት ካለ ከዕቃው መምጫ ቀን ወይም ከተሳፈሩበት ቀን ጋር እያስተያዩ ቀኑን ያግኙለት። ካልተገኘለት ወደየትኛውም ክምር ሳይገባ ለብቻው ይቀመጥ፤ በኋላ ሒሳቡ ሲፈተሽ የት እንደሚገባ ብዙ ጊዜ ራሱ ይናገራል።

የዕለቱን ሽያጭ ከመሳቢያው ማውጣት

በትንሽ ሱቅ የአንድ ብር ከረሜላና የሁለት ብር ክብሪት ሳይቀር እየተጻፈ አይሸጥም። ስለዚህ ሽያጩን ዕቃ በዕቃ ከመጻፍ ይልቅ ማታ መሳቢያውን ቆጥሮ ወደ ኋላ ማስላት ይሻላል፦

```
የእጅ በእጅ ሽያጭ = የማታ ቆጠራ + ከመሳቢያ የወጣ
               − የጠዋት መነሻ − የተሰበሰበ ዱቤ
               − ከኪስ የተጨመረ
```

አንድ ቀን እንውሰድ። ጠዋት ለመልስ 500 ብር መሳቢያ ውስጥ ነበረ። ማታ ሲቆጠር 3,460 ብር ተገኘ። በቀኑ ውስጥ ለዳቦ አምጪው 640፣ ለባጃጅ 80፣ ለቤት አትክልት 200 ወጥቷል፤ ድምሩ 920 ብር ነው። አንድ ደንበኛ የቆየ ዱቤ 550 ብር ከፍሏል፤ ከኪስ የተጨመረ የለም። እንግዲህ 3,460 እና 920 ተደምረው 500 እና 550 ሲቀነሱ የዕለቱ የእጅ በእጅ ሽያጭ 3,330 ብር ነው። በዚሁ ቀን በቴሌብር 270 ብር ገብቷል፣ በዱቤ የ400 ብር ዕቃ ወጥቷል። የቀኑ ሙሉ ሽያጭ 4,000 ብር ይሆናል።

ዱቤ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። በዱቤ የወጣ ዕቃ ሽያጭ የሚሆነው ዕቃው በወጣበት ቀን ነው፤ ገንዘቡ ሲመጣ ዕዳ ተመለሰ እንጂ ሌላ ሽያጭ አልተደረገም። ሁለቱንም ከቆጠሩ አንድ ኪሎ ስኳር ሁለቴ ተሸጠ ማለት ነው። ዱቤውን ሲወጣ ሳይጽፉ ሲከፈል ብቻ ከቆጠሩ ደግሞ ዕቃው ከመደርደሪያ ጠፍቶ ሽያጩ ሌላ ወር ውስጥ ይገኛል፤ የያዝነው ወር ያለ ጥፋቱ ኪሳራ ያሳያል። የዱቤ ደብተሩ በየሰዉ ስም ስለሚጻፍ የወሩን ድምር ለማውጣት ገጹን ሁሉ ማገላበጥ ይጠይቃል። ይህን ለማቅለል ከደብተሩ ጀርባ ሁለት ዓምድ ያስምሩ፤ በአንዱ «የወጣ»፣ በሌላው «የገባ» እያሉ ቀንና ብር ብቻ በየማታው ይጻፉ።

ማታ ያልተቆጠረባቸው ቀናት ቢኖሩም ወሩ አይበላሽም። ያው ቀመር ለአንድ ቀን እንደሚሠራ ለወሩ ሙሉም ይሠራል። የወሩ መጨረሻ ገንዘብ ላይ በወሩ የተከፈለውን ሁሉ ጨምረው፣ የወሩን መነሻ ገንዘብ፣ የተሰበሰበውን ዱቤና ከኪስ የተጨመረውን ሲቀንሱ የወሩ የእጅ በእጅና የቴሌብር ሽያጭ አንድ ላይ ይወጣል። ይህ የሚሆነው ግን የወጣው ገንዘብ ሁሉ ከተጻፈ ነው። ሳይጻፍ ለቤት የወጣ 1,000 ብር ሽያጩን በ1,000 ያሳንሰዋል።

በምሳሌያችን ሱቅ የጥር ሽያጭ የእጅ በእጅ 115,300፣ በቴሌብር 11,450፣ በዱቤ 14,300 ሲሆን ድምሩ 141,050 ብር ነው። በወሩ የተሰበሰበው ዱቤ 11,900 ብር ነው፤ ይህ በሽያጩ ውስጥ አልገባም፤ ለመፈተሻ ግን ይያዝ።

ግዢውን መደመር

የዕቃው ዋጋ ደረሰኙ ላይ ያለው ብቻ አይደለም። ዕቃው ሐይቅ ሱቅ ውስጥ እስኪገባ ድረስ የወጣው ማለትም የደሴው ጫኝ፣ የመኪናው ጭነት፣ የአውራጅና የጋሪ ክፍያ የዕቃው ዋጋ አካል ነው። ይህ ካልተደመረ ዘይቱ ከተገዛበት በላይ በ40 ብር እየተሸጠ 45 ብር በመንገድ ሊበላ ይችላል፤ ባለሱቁም አተረፍኩ ብሎ ይቀጥላል። የጭነቱን ድምር ለእያንዳንዱ ዕቃ ማከፋፈል ለወር ሒሳብ ግድ አይደለም፤ በድምሩ ላይ መጨመር ይበቃል። የራስዎ የመሳፈሪያ ገንዘብ ግን ዕቃ ቢመጣም ባይመጣም የሚወጣ ስለሆነ ወደ ሱቅ ወጪ ይሂድ።

በዱቤ የመጣ ዕቃ ዕቃው በገባበት ቀን ግዢ ነው፤ የሚከፈልበት ቀን ለውጥ አያመጣም። የተመለሰ ዕቃ ይቀነሳል። ለስላሳ ላይ ደግሞ የጠርሙሱና የሳጥኑ መያዣ ከመጠጡ ዋጋ ተለይቶ ይጻፍ፤ ባዶው ሲመለስ የሚመለስ ገንዘብ ስለሆነ ግዢ አይደለም። ኪሳራ የሚሆነው ጠርሙሱ ሲሰበር ወይም ሲጠፋ ብቻ ነው።

የጥር ግዢ በደረሰኝና በማስታወሻ 118,200 ብር ሆነ። ጭነትና ማውረጃ 3,150 ተጨመረ፤ አይጥ የቀደደው አንድ ካርቶን ብስኩት ለሻጩ ተመልሶ 1,200 ተቀነሰ። የተጣራው ግዢ 120,150 ብር ነው።

ቆጠራው

ከሥራው ሁሉ ከባዱም ዋናውም ይህ ነው። ያለ ቆጠራ የወር ትርፍ የሚባል ነገር አይኖርም፤ ምክንያቱም ከተገዛው 120,150 ብር ዕቃ ውስጥ ስንቱ እንደተሸጠ፣ ስንቱ መደርደሪያ ላይ እንዳለ የሚነግረን ሌላ ነገር የለም። ቆጠራው ሁለት ጊዜ ያስፈልጋል፤ ታኅሣሥ 30 ማታና ጥር 30 ማታ። የመጀመሪያው ለጥር መነሻ፣ ሁለተኛው ለጥር መጨረሻና ለየካቲት መነሻ ይሆናል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ወር በኋላ በየወሩ አንድ ቆጠራ ብቻ ይቀራል።

ሱቁ ከተዘጋ በኋላ ሁለት ሰው ይሁኑ፤ አንዱ እየቆጠረ ይጥራ፣ ሌላው ይጻፍ። ከበሩ በስተቀኝ ካለው መደርደሪያ ከላይ ወደ ታች ይጀምሩና ዙሩን ሳያቋርጡ ይጨርሱ። ዓይን ወደሚያውቀው ዕቃ እየዘለሉ መቁጠር ግማሹን ያስረሳል። የተከፈተ ካርቶን በፍሬ ይቆጠር። የተከፈተ የስኳር ጆንያ ይመዘን እንጂ በዓይን «ግማሽ ይሆናል» አይባል፤ ከሚዛኑ ላይ የጆንያውን ክብደት መቀነስ አይርሱ። ቤት ውስጥ አልጋ ሥር የተቀመጠ ካርቶን፣ ደሴ ተገዝቶ ግዢው የተጻፈና ገና ያልተጫነ ዕቃ፣ ፍሪጅ ውስጥ ያለ ለስላሳ ሁሉ ይቆጠራል። የሰው አደራ ግን አይቆጠርም። ጊዜው ያለፈበትና የማይሸጥ ዕቃም በዜሮ ይጻፍ፤ ኪሳራው እዚሁ ወር ላይ ይታይ።

ዕቃው ተቆጥሮ ሲያልቅ የሚባዛው በተገዛበት ዋጋ ነው። በመሸጫ ዋጋ ማባዛት ገና ያልተሸጠ ዕቃ ላይ ትርፍ መቁጠር ነው። ዋጋ በወሩ ውስጥ ከተለወጠስ? ቀድሞ የመጣው ቀድሞ ይሸጣል ብለን የቀረውን በመጨረሻው ግዢ ዋጋ እንጀምራለን። ለምሳሌ 50 ኪሎ የሚይዝ የስኳር ጆንያ መጀመሪያ በ5,500 ብር፣ በወሩ አጋማሽ በ5,900 ብር ገዝተዋል እንበል፤ ኪሎው 110 እና 118 ብር ማለት ነው። በወሩ መጨረሻ 62 ኪሎ ቢቀር 50ው በ118፣ 12ቱ በ110 ይባዛና 7,220 ብር ይሆናል። ይኸው ስኳር በመሸጫው በ130 ቢባዛ 8,060 ብር ይሆናል፤ የሌለ 840 ብር ትርፍ ከአንድ ዕቃ ብቻ ተፈጠረ ማለት ነው። ሱቅ ውስጥ ያለው ዕቃ ሁሉ እንዲህ ቢሠራ ወሩ ከስሮ ሳለ በደስታ ይታለፋል።

የቆጠራ ስህተት መለያ ጠባይ አለው። ጥር 30 ላይ የ2,000 ብር ዕቃ ሳይቆጠር ቢቀር የጥር ትርፍ በ2,000 ያንሳል፤ የካቲት ደግሞ ያ ዕቃ በነጻ የመጣ ስለሚመስል ትርፉ በዚያው 2,000 ይበዛል። አንዱ ወር ወርዶ ተከታዩ በተቀራራቢ መጠን ከወጣ ከገበያው በፊት ቆጠራውን ይጠርጥሩ።

ብዙ ዓይነት ዕቃ ያለበት ሱቅ ክብሪትና ከረሜላ ፍሬ በፍሬ ሲቆጥር አያምሽ። ዋጋው ከባድ የሆነውን፣ ዘይት፣ ስኳር፣ ሩዝ፣ ዱቄት፣ ሳሙናና ዳይፐሩን፣ በጥንቃቄ ይቁጠሩ፤ ጥቃቅኑን በእሽግ ገምተው ይጻፉ። ግምቱ ግን በየወሩ በአንድ ዓይነት መንገድ ይሁን።

ያልተጣራ ትርፍ

የምሳሌያችን ሱቅ ታኅሣሥ 30 ማታ 86,400 ብር የሚያወጣ ዕቃ ነበራት፤ ጥር 30 ማታ 79,300 ብር ሆነ። በወሩ ውስጥ ከመደርደሪያው ለቤት የተወሰደው ዘይት፣ ስኳርና ፓስታ በመግዣው ሲሰላ 3,850 ብር ነው።

```
የመነሻ ዕቃ               86,400
+ የተጣራ ግዢ           120,150
− የወሩ መጨረሻ ዕቃ       79,300
− ለቤት የተወሰደ            3,850
= የተሸጠው ዕቃ መግዣ     123,400
```

ለቤት የተወሰደው የሚቀነሰው ስላልተሸጠ ነው። ሳይጻፍ ቢቀር የተሸጠው ዕቃ መግዣ ላይ ተደርቦ ሱቁ የማያዋጣ ያስመስለዋል። ከመደርደሪያ አንድ ሊትር ዘይት አንስቶ ወደ ጓዳ ማለፍ ቀላል ስለሆነ አይጻፍም፤ በሩ ላይ አንድ ወረቀት ሰቅለው የወሰደው ሰው በመስመር እንዲያሰምርበት ያድርጉ። የፈሰሰና የተበላሸ ዕቃ ግን አይቀነስም፤ ኪሳራው የሱቁ ነውና በመግዣው ውስጥ ይቆይ።

ሽያጩ 141,050 ነበር። ከዚህ ላይ 123,400 ሲቀነስ ያልተጣራው ትርፍ 17,650 ብር ሆነ። ለሽያጩ ሲካፈል 12.5 በመቶ ገደማ ነው፤ ከ100 ብር ሽያጭ 12 ብር ከ50 ሳንቲም ቀረ። ይህን በመቶ በየወሩ ደብተር ላይ ይጻፉት፤ ቆይቶ ስህተት ለማግኘት ከብሩ ይልቅ የሚያግዘው እሱ ነው።

የሱቅ ወጪ

ወጪ የሚጻፈው ለወሩ ያገለገለው ያህል ነው። ሱቋ በጥር የሦስት ወር ኪራይ 12,000 ብር አንድ ላይ ከፍላለች፤ የጥር ወጪ ግን 4,000 ብር ብቻ ነው። ቀሪው 8,000 አስቀድሞ የተከፈለ ተብሎ ለየካቲትና ለመጋቢት ይተላለፋል። በተቃራኒው የጥር መብራት በየካቲት ቢከፈልም የጥር ወጪ ነው።

ፍሪጁም ያረጃል። በ36,000 ብር ተገዝቶ 5 ዓመት ያገለግላል ብንል ለ60 ወር ሲካፈል በወር 600 ብር ይሆናል። ይህ ገንዘብ ከመሳቢያ አይወጣም፤ ፍሪጁ ሲሞት ግን ሌላ መግዣ ከየት እንደሚመጣ የሚያስታውሰው ይህ መስመር ነው። ሚዛንና መደርደሪያም እንዲሁ ይሰላሉ።

የጥር ወጪ እንዲህ ነው፦ ኪራይ 4,000፣ የረዳት ደመወዝ 3,000፣ መብራት 420፣ መጠቅለያ 360፣ ስልክ 250፣ የደሴ መሳፈሪያ 600፣ የሌሊት ጥበቃ 300፣ የፍሪጅ እርጅና 600። ከተማ ለቆ የሄደ አንድ ባለዱቤ 620 ብር ስላለበትና ይመለሳል ተብሎ ስለማይጠበቅ እሱም ገባ። ድምሩ 10,150 ብር ነው። ከ17,650 ሲቀነስ የተጣራው ትርፍ 7,500 ብር ሆነ። ይህ ከዓመቱ ግብር በፊት ያለው ነው። ግብሩን በየወሩ ለመያዝ ያለፈውን ዓመት ክፍያ ለ12 አካፍለው እንደ አንድ ወጪ ያስገቡት።

ወጪ ያልሆኑ ነገሮችም አሉ። ዕቁብ ወጪ አይደለም፤ ገና ካልደረሰዎት ያስቀመጡት ገንዘብ ነው፣ ደርሶዎት ከሆነ እየከፈሉት ያለ ዕዳ ነው። ዘካ፣ ለቤተ ክርስቲያን የተሰጠ፣ ዕድር፣ የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ ሁሉ ከትርፉ የሚወጡ የቤት ድርሻ እንጂ የሱቅ ወጪ አይደሉም። የብድር ዋናውም እንዲሁ፤ ወጪ የሚሆነው ወለድ ወይም የአገልግሎት ክፍያ ካለው እሱ ብቻ ነው። ባለሱቁ ራሱ ሲሠራ የዋለበት ደመወዝ እዚህ አልተቀነሰም። 7,500 ብሩ ለድካሙም ለገንዘቡም ነው፤ ያንኑ ቀን ሌላ ቤት ተቀጥሮ ስንት ያገኝ እንደነበር እያስተያየ ያንብበው።

በሌላ በር ገብቶ መፈተሽ

ትርፉ ከወጣ በኋላ ትክክል መሆኑን የሚያሳይ ሁለተኛ መንገድ አለ። ሱቁ ያለው ሁሉ፣ ማለትም ዕቃው፣ ገንዘቡ፣ በሰው እጅ ያለው ዱቤ፣ አስቀድሞ የተከፈለውና ፍሪጁ፣ ዕዳው ተቀንሶለት በወሩ ውስጥ በምን ያህል እንደተለወጠ ይታያል። ይህ ለውጥ ከትርፉ ላይ ለቤት የወጣው ሲቀነስ ከሚገኘው ጋር እኩል መሆን አለበት።

በምሳሌያችን ዕቃው ከ86,400 ወደ 79,300 ወረደ፤ 7,100 ቀነሰ። በዱቤ በሰው እጅ ያለው 9,800 ነበር፤ 14,300 ወጥቶ፣ 11,900 ተመልሶ፣ 620 ጠፍቶ 11,580 ሆነ፤ 1,780 ጨመረ። የኪራይ ቅድመ ክፍያ 8,000 ጨመረ። የደሴው ጅምላ ሻጭ ዕዳ ከ15,000 ወደ 12,000 ስለወረደ 3,000 ጨመረ። ፍሪጁ 600 አረጀ። መሳቢያውና ቴሌብሩ አንድ ላይ ከ18,630 ወደ 8,200 ወረዱ፤ 10,430 ቀነሰ። የጨመረው 12,780፣ የቀነሰው 18,130 ስለሆነ ሱቁ በጠቅላላው 5,350 ብር ቀንሷል።

አሁን በሌላው በር፦ ትርፉ 7,500 ነው። ለቤት በጥሬ ገንዘብ 9,000 ብር፣ በዕቃ 3,850 ብር፣ በድምሩ 12,850 ወጥቷል። 7,500 ሲቀነስ 12,850 እኩል ይሆናል 5,350 ጉድለት። ሁለቱ ገጠሙ።

ባይገጥሙ ልዩነቱ ራሱ ይመራል። ሱቁ ያለው ሀብት ከሚጠበቀው በታች ከሆነ ብዙ ጊዜ ማታ ከተቆጠረ በኋላ ለቤት ወጥቶ ያልተጻፈ ገንዘብ ወይም ከመሳቢያ የጠፋ ብር አለ። በላይ ከሆነ ከቆጠራው በኋላ ሳይጻፍ ከኪስ የገባ ገንዘብ ወይም ያልተመዘገበ ሽያጭ ይፈለጋል። ልዩነቱ ለ9 እኩል የሚካፈል ከሆነ፣ ለምሳሌ 270 ወይም 1,800፣ ሲገለበጥ የተቀያየረ አኃዝ ይፈልጉ፤ 1,540ን 1,450 ብሎ መጻፍ 90 ብር ያመጣል። ልዩነቱ ለሁለት ሲካፈል አንድ የሚያውቁት ቁጥር ከሰጠ ደግሞ መቀነስ ሲገባው የተደመረ አለ። ያ ቀን አልባው ወረቀት የሚገባበት ቦታም እዚህ ላይ ይታያል።

ይህች ሱቅ አትርፋለች፤ ግን ቤቱ ከትርፉ በላይ ወስዷል። መደርደሪያው እየሳሳ የሄደው ለዚህ ነው። እዚህ ዋጋ መጨመር ወይም ሌላ ዕቃ ማምጣት ሳይሆን ለቤት የሚወጣውን ከ7,500 በታች ማድረግ ነው መድኃኒቱ። ትርፉና የቤቱ ወጪ ተለይተው ባይጻፉ ኖሮ ግን «ገበያው ቀዘቀዘ» ተብሎ ይታለፍ ነበር።

በመቶው ሲዘል

ያልተጣራው ትርፍ በየወሩ 12 ወይም 13 በመቶ ሲሆን ቆይቶ አንድ ወር 6 ቢሆን ዕቃው በአንድ ጊዜ አልረከሰም። ያልተጻፈ ዱቤ፣ ሁለቴ የተደመረ ግዢ፣ ያልተቆጠረ ዕቃ፣ መግዣው ጨምሮ በድሮው መሸጫ የቀጠለ ዕቃ ወይም ስርቆት ነው፤ በዚሁ ቅደም ተከተል ይፈልጉ። ሰው ከመጠርጠር በፊት ወረቀቱ ይመርመር። ወደ 20 ከዘለለ ደግሞ ብዙ ጊዜ የጠፋ የግዢ ወረቀት አለ፤ አለዚያም ቆጠራው በመሸጫ ዋጋ ተባዝቷል።

ዋጋ በፍጥነት በሚጨምርበት ጊዜ በመቶው ከፍ ብሎም ሊያታልል ይችላል። ከሐምሌ 2016 የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ የውጭ ዕቃ ለሚሸጥ ሱቅ ይህ የዕለት ጉዳይ ሆኗል። በ110 ብር የተገዛ ኪሎ ስኳር በ130 ተሸጦ 20 ብር ትርፍ ቢያሳይ፣ መልሶ ለመግዛት 126 ከጠየቀ መደርደሪያውን ሞልቶ ለቤት የሚተርፈው 4 ብር ብቻ ነው። ስለዚህ ዋናዎቹን አምስት ስድስት ዕቃዎች የአሁን መግዣ ዋጋ ከደሴ ጠይቀው ከሒሳቡ ጎን ይጻፉና ለቤት የሚወስዱትን በዚያ ይወስኑ።

ሲጨርሱ የጥር 30 ቁጥሮች፣ ዕቃው 79,300፣ ገንዘቡ 8,200፣ ዱቤው 11,580፣ ቅድመ ኪራዩ 8,000 እና ዕዳው 12,000፣ የየካቲት ገጽ አናት ላይ ይገለበጡ። የፍሪጁን ቀሪ ዋጋም ከጎናቸው 600 ቀንሰው ያስፍሩት። የጥር ወረቀቶችን በአንድ ፖስታ አስገብተው ወሩንና ዓመተ ምሕረቱን ጽፈው ከደብተሩ ጋር ያስቀምጡ።